4-ኦክሶፔንታናል ብቻ ሲወጣ አልኪኑ ማን ነበር?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ወርክሺታችን ላይ «አንድ ሃይድሮካርቦን በኦዞን ተቆርጦ በዳይሜቲል ሰልፋይድ ሲታከም 4-ኦክሶፔንታናል ብቻ ሰጠ፤ ሃይድሮካርቦኑ ማን ነው?» የሚል አለ። እኔ 1-ሜቲልሳይክሎቡቲን አልኩ። ጓደኛዬ ባለ 8 ካርቦን ቀለበት ሣለች። ሌላው ልጅ ደግሞ ጎማ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ማናችን ነን ልክ? ከውጤቱ ወደ አልኪኑ ወደ ኋላ ስንሄድ እርግጠኛ የምንሆነውስ መቼ ነው? እህታችሁ ግራ ገብቷታል።

መልስ፦ ሦስታችሁም ልክ ናችሁ። ቀልዴን አይደለም። ጥያቄውን ያወጣው ሰው የሃይድሮካርቦኑን ሞለኪውላር ፎርሙላ ሳይጽፍ ስለተወው፣ በተሰጠው መረጃ ብቻ አንዱን መርጦ ሌሎቹን መጣል አይቻልም። ይህ ደግሞ የእናንተ ችግር ብቻ እንዳይመስልሽ። ይህን በኦዞን መቁረጥ፣ ማለትም ኦዞኖሊሲስን፣ ለዓለም ያስተዋወቀው ሰውዬ ራሱ በዚሁ በ4-ኦክሶፔንታናል ተሸውዷል። እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ቆረጣው ምን እንደሆነ በደንብ እንየው፤ ወደ ኋላ መሄድ የሚቀለው ወደ ፊት ያለው ሲገባ ነው። ኦዞን ድርብ ቦንድ ሲያገኝ ሦስቱንም ኦክስጅን ይዞ በሁለቱ ካርቦኖች ላይ ይቀመጣል። ይህ የመጀመሪያው ኦዞናይድ ነው፤ በከባድ ቅዝቃዜ እንኳ ብዙ አይቆይም። ይበጠሳል። አንዱ ካርቦን ተራ ካርቦኒል ሆኖ ሲወጣ ሌላው ሁለት ኦክስጅን ተሸክሞ ካርቦኒል ኦክሳይድ የሚባል ዕረፍት የለሽ ነገር ይሆናል። ከዚያ ሁለቱ ተገላብጠው እንደገና ይያያዙና ሁለተኛው ኦዞናይድ ይፈጠራል። ይህን መንገድ ያስረዳው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ክሪጌ ነው፤ ለዚህም ነው በስሙ የሚጠራው። አሁን ዳይሜቲል ሰልፋይድ ይገባል። ከሦስቱ ኦክስጅኖች አንዱን ወስዶ ዳይሜቲል ሰልፎክሳይድ ይሆናል። የቀሩት ሁለቱ ለሁለቱ ካርቦኖች አንዳንድ ይደርሷቸዋል።

ስለዚህ ሒሳቡ ግልጽ ነው። አንድ ድርብ ቦንድ ሲቆረጥ ሁለት ካርቦኒል ጫፎች ይወጣሉ፤ አንድም አይተርፍ፣ አንድም አይጎድል። ሃይድሮጅን የያዘው ካርቦን አልዲሃይድ ይሆናል። ሃይድሮጅን የሌለው ኪቶን ይሆናል። CH2 የነበረው ደግሞ ፎርማልዲሃይድ ሆኖ ይሄዳል። ከድርብ ቦንዱ ውጭ ያለው የካርቦን አጥንት በሙሉ ሳይነካ ይቀራል።

ወደ ኋላ ስትሄጂ ይህንኑ ትገለብጪዋለሽ። ኦክስጅኖቹን ታጠፊያለሽ፣ ባዶ የቀሩትን ካርቦኖች ጥንድ ጥንድ አድርገሽ በድርብ ቦንድ ታያይዣለሽ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ተማሪ ያውቀዋል። ችግሩ የሚጀምረው «የትኛው ጫፍ ከየትኛው ጋር?» የሚለው ላይ ነው። ምክንያቱም ኦዞን ሲቆርጥ ማን ከማን ጋር እንደነበረ የሚናገር ምልክት ትቶ አይሄድም።

የአንቺን ሞለኪውል እንውሰድ፦

```
CH3-CO-CH2-CH2-CHO
```

እንደ ዶሚኖ ድንጋይ አስቢው። በአንድ በኩል የኪቶን ጫፍ አለ፣ «ኪ» እንበለው። በሌላው በኩል የአልዲሃይድ ጫፍ አለ፣ «አ» እንበለው። መሐላቸው ሁለት CH2 አሉ። ሜቲሏ ከኪ ጋር የተጣበቀች ናት፤ ኪ የሄደበት ትሄዳለች እንጂ በድርብ ቦንዱ ጉዳይ አያገባትም። ይህን ኪ~አ ብለን እንጻፈው። ኦዞኖሊሲስን መገልበጥ ማለት ድንጋዮቹን ክፍት ጫፍ እስከማይቀር ድረስ መደርደር ነው። ሃይድሮካርቦኑ ኦክስጅን ስለሌለው ክፍት የሚቀር ካርቦኒል ሊኖር አይችልም።

አንድ ድንጋይ ብቻ ካለሽ ያለው ምርጫ አንድ ነው። ድንጋዩ በራሱ ላይ ይጠመጠምና የራሱ ኪ ከራሱ አ ጋር ይያያዛል። የአንቺ 1-ሜቲልሳይክሎቡቲን ይህ ነው፣ C5H8። ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ባለ 5 ቀለበት ይሥላሉ፤ ውጤቱ 5 ካርቦን ስላለው። ቀለበቱ ግን የሚቆጠረው ከኪ ካርቦን እስከ አ ካርቦን ነው፣ ሁለቱንም ጨምሮ። ያ 4 ነው። ሜቲሏ ውጭ ትቀራለች። አንቺ ይህን ትክክል ሠርተሻል። «ባለ 4 ቀለበት በጣም የተጨናነቀ ነው፣ አይሆንም» የሚልሽ ካለ አትስሚው፤ ሞለኪውሉ ያለና የሚሠራ ነው። ውጥረት መኖሩ አንድን መልስ ለመጣል በቂ ምክንያት አይሆንም።

ሁለት ድንጋይ ካለሽ ነገሩ ይበዛል። የአንዱን ኪ ከሌላው አ ጋር ብታያይዢና ቀሪዎቹንም እንዲሁ ብታደርጊ ባለ 8 ካርቦን ቀለበት ታገኛለሽ፤ ሁለት ድርብ ቦንድ፣ ሁለት ሜቲል። ስሙ 1,5-ዳይሜቲል-1,5-ሳይክሎኦክታዳይኢን ነው፣ C10H16። ጓደኛሽ የሣለችው ይህን ይመስለኛል። ግን ሌላም አለ። ኪን ከኪ ጋር፣ አን ከአ ጋር ብታያይዢስ? እሱም ባለ 8 ቀለበት ነው። ሁለቱ ሜቲሎች ግን አሁን በአንድ ድርብ ቦንድ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ 1,2-ዳይሜቲል-1,5-ሳይክሎኦክታዳይኢን። ይህም ሲቆረጥ 4-ኦክሶፔንታናል ብቻ ነው የሚሰጠው። እስክሪብቶ ይዘሽ ቁረጪው፣ ታያለሽ።

ስለዚህ መልሶቹ በእርግጥ ከሦስትም ይበልጣሉ። ሦስት ድንጋይ፣ አራት ድንጋይ፣ መቶ ድንጋይ አድርገሽ ቀለበት መዝጋት ትችያለሽ። ወይም ሳይዘጋ ሺህ ጊዜ የሚቀጥል ሰንሰለት። ያኔ ጎማ ጋ ደረስሽ።

አሁን ወደ ሰውዬው። ካርል ሃሪስ ይባላል፣ ጀርመናዊ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ኦዞንን እንደ መቁረጫ መሣሪያ ወስዶ ያገኘውን ሁሉ ይቆርጥበት ነበር። የተፈጥሮ ጎማ በየ5 ካርቦኑ 8 ሃይድሮጅን፣ ማለትም C5H8 የሚል ጥንቅር እንዳለው ቀድሞ ይታወቃል። ውስጡ እንዴት እንደተያያዘ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ሃሪስ ጎማውን በኦዞን ቆረጠ፣ ኦዞናይዱን በውኃ ሰበረ። የወጣው በዋናነት 4-ኦክሶፔንታናልና ከእሱ የሚገኘው አሲድ ነበር። ያኔ ሌቩሊናልዲሃይድና ሌቩሊኒክ አሲድ ይሏቸዋል፤ ዛሬም ብዙ ሰው እንዲሁ ይላቸዋል።

ልብ በይ፣ ይህ የአንቺ ወርክሺት ጥያቄ ነው፤ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ሃሪስ በ1905 የሰጠው መልስ ደግሞ የጓደኛሽ መልስ ነው፦ 1,5-ዳይሜቲል-1,5-ሳይክሎኦክታዳይኢን። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቀለበቶች በድርብ ቦንዶቻቸው አማካይነት እርስ በርስ ላላ ብለው ተሳስበው ጎማ የሚባለውን ትልቅ ነገር ይሠራሉ አለ። ለምን ቀለበት መረጠ? በቂ ምክንያት ነበረው። ሰንሰለት ቢሆን ሁለት ጫፎች ይኖሩት ነበር፤ ጫፎቹም ሲቆረጡ ከሌቩሊናልዲሃይድ የተለየ ቁራጭ መስጠት ነበረባቸው። እንዲህ ያለ ቁራጭ ደግሞ አላየም። ጫፍ ከሌለ ቀለበት ነው ብሎ ደመደመ።

አስተሳሰቡ እንከን የለውም፤ መጠኑን ካላሰብነው በቀር። የጎማ ሰንሰለት በሺህ የሚቆጠሩ ክፍሎች አሉት። ከብዙ ሺህ ኪ~አ ድንጋዮች መሐል የሁለቱ ጫፎች ቁራጮች የት ይታያሉ? በዚያ ዘመን መሣሪያ ቀርቶ በዛሬውም አስቸጋሪ ነው። «አላየሁትም» ማለትና «የለም» ማለት ተምታቱ።

ይህ ወጥመድ ለምን ጥልቅ እንደሆነ በቁጥር ላሳይሽ፤ ጥያቄሽም የሚፈታው እዚህ ጋ ነው። የC5H8 ክብደት 68 ነው፣ የ4-ኦክሶፔንታናል 100። 0.68 ግራም ሜቲልሳይክሎቡቲን ብትቆርጪ ምንም ካልባከነ 1.00 ግራም ውጤት ታገኛለሽ። 0.68 ግራም ከጓደኛሽ ቀለበት ብትቆርጪስ? እሱም 1.00 ግራም ነው፤ ሞለኪውሉ እጥፍ ይከብዳል፣ ግን እያንዳንዱ ሁለት ቁራጭ ይሰጣል። 0.68 ግራም ንጹሕ ጎማ? ያው 1.00 ግራም። የሚበሉት ኦዞንም እኩል ነው፣ ሦስቱም 10 ሚሊሞል። በሃይድሮጅን ብትሞያቸው የሚወስዱት ሃይድሮጅን እኩል ነው። የካርቦንና የሃይድሮጅን በመቶኛቸውም አንድ ነው። በግራም የሚለካ ሬሾ ሁሉ ለሦስቱ አንድ መልስ ይሰጣል። ምን ያህል ጊዜ ብትደጋግሚው፣ ምን ያህል ብታጠሪው ለውጥ የለውም።

የሚለያቸው የሞለኪውሉ ትልቅነት ብቻ ነው። ማስ ስፔክትሮሜትር ላይ የአንቺው 68 ላይ፣ የጓደኛሽ 136 ላይ ይታያል። ጎማ ጭራሽ አይተንም። መሣሪያ ባይኖርሽ እንኳ የአንቺው ክፍት ዕቃ ውስጥ ብትተይው ጠፍቶ የሚያድር ቀላል ፈሳሽ ነው፣ ባለ 8 ቀለበቱ ከፍ ባለ ሙቀት የሚፈላ ዘይት መሰል ነገር ነው፣ ጎማ ደግሞ ጎማ ነው።

ሃሪስን ያረመውም በዚሁ በኩል የመጣ ሰው ነው። ሄርማን ሽታውዲንገር በ1920 እንዲህ ያሉ ነገሮች በተራ ኮቫለንት ቦንድ የተያያዙ ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው ብሎ ጻፈ። በ1922 ደግሞ ጎማን በሃይድሮጅን ሞልቶ አሳየ። ሙከራው የሚያምረኝ ቀላል ስለሆነ ነው። ጎማ በድርብ ቦንድ ስበት ላላ ብሎ የተያዘ የትንንሽ ቀለበቶች ክምር ከሆነ፣ ድርብ ቦንዱ ሲጠፋ ክምሩ መፍረስ አለበት። የሚቀረውም ተራ፣ ሊተን የሚችል ዳይሜቲልሳይክሎኦክቴን መሆን ነበረበት። አልሆነም። በሃይድሮጅን የተሞላውም ጎማ የማይተን፣ ሲሟሟ የሚዝለገለግ ነገር ሆኖ ቀረ። ስለዚህ የያዘው የድርብ ቦንድ ስበት አልነበረም። ሽታውዲንገር ለዚህና ለተከታዩ ሥራው በ1953 የኖቤል ሽልማት ወሰደ። ስለዚህ «ጎማ ነው» ብሎ ድርቅ ያለው ልጅ በታሪክ ደረጃ ጥሩ ወገን ላይ ነው፤ ወርክሺቱ ግን «ሃይድሮካርቦን» አለ እንጂ ፖሊመር አላለም።

ፎርሙላው ቢሰጥሽስ ሁሉም ያበቃል? አያበቃም፤ ግን በጣም ይጠባል። የመጀመሪያው ሥራ ያለመሞላት ደረጃን፣ ማለትም የድርብ ቦንዶችንና የቀለበቶችን ድምር፣ ማስላት ነው። C5H8 ሁለት ነው። የካርቦኒል ጫፎችሽ ሁለት ስለሆኑ ድርብ ቦንዱ አንድ ነው፤ የቀረው አንድ ቀለበት ነው። አለቀ፣ መልሱ ያንቺ ነው። C10H16 ሦስት ነው። አራት ጫፍ፣ ሁለት ድርብ ቦንድ፣ አንድ ቀለበት። እዚህ ጋ ግን ያ ኪ-ኪ ወይስ ኪ-አ የሚለው ነገር ይቀራል። ፎርሙላው አይለያቸውም። የሚገርምሽ ካርቦን-13 ኤንኤምአር ላይ እንኳ ሁለቱም አምስት አምስት መስመር ነው የሚሰጡት፤ የካርቦኖቹም ዓይነት አንድ ነው፦ አንድ ሜቲል፣ ሁለት ዓይነት CH2፣ አንድ ባለ ሃይድሮጅንና አንድ ሃይድሮጅን የሌለው የድርብ ቦንድ ካርቦን። መስመር ቆጥረሽ አትለያቸውም።

እኔ ብሆን ኦዞኑን ራሱን ነው የምጠቀመው፤ ግን ቆጥቤ። ለአንድ ሞል ሃይድሮካርቦን አንድ ሞል ኦዞን ብቻ። ኦዞን ኤሌክትሮን የበዛበትን ድርብ ቦንድ ያስቀድማል፣ ማለትም ብዙ ካርቦን የተንጠለጠለበትን። በ1,2-ዳይሜቲሉ ላይ ሜቲሎቹ ያሉበት ቦንድ ቀድሞ ይሄዳል፤ የሚወጣውም ሁለት ኪቶን ያለው፣ አልዲሃይድ የሌለው ሰንሰለት ነው፦

```
CH3-CO-CH2-CH2-CH=CH-CH2-CH2-CO-CH3
```

በ1,5-ዳይሜቲሉ ላይ ሁለቱ ድርብ ቦንዶች እኩያ ስለሆኑ የትኛውም ቢቀድም ውጤቱ አንድ ነው። በአንድ ጫፉ ኪቶን፣ በሌላው አልዲሃይድ ያለው ሰንሰለት፦

```
CH3-CO-CH2-CH2-CH=C(CH3)-CH2-CH2-CHO
```

አሁን ፕሮቶን ኤንኤምአር ላይ ከ9 እስከ 10 ፒፒኤም መካከል የአልዲሃይድ ምልክት አለ ወይስ የለም ብለሽ ታያለሽ። በእርግጥ ምርጫው መቶ በመቶ አይደለም፤ ትንሽ ሁለቴ የተቆረጠ፣ ትንሽም ያልተነካ መቀላቀሉ አይቀርም። ዋናው ውጤት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን ይበቃል። ሁሉንም ቆርጠሽ ከጨረስሽ በኋላ ማን ከማን ጋር እንደነበረ መጠየቅ ዘገየ፤ ግማሽ ላይ ካቆምሽው ግን አንዱ ግንኙነት ገና አልተበጠሰምና ይነግርሻል።

አንድ ነገር ግን በዚህም በዚያም አይመለስም፤ ሲስና ትራንስ። ጉታ ፐርቻ የሚባለው የዛፍ ሙጫ ከጎማ ጋር አንድ ዓይነት ሰንሰለት ነው፤ ልዩነቱ ድርብ ቦንዶቹ ትራንስ፣ የጎማው ሲስ መሆናቸው ብቻ ነው። አንዱ ይለጠጣል፣ ሌላው ደረቅ ነው። ሁለቱም በኦዞን ሲቆረጡ ያው ሌቩሊናልዲሃይድ ነው። ስለዚህ ፈተና ላይ ከኦዞኖሊሲስ ውጤት ብቻ ተነስተሽ «ሲስ ነው» ብለሽ አትጻፊ። ድርብ ቦንዱ ትንሽ ቀለበት ውስጥ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ባለ 4 ቀለበት ውስጥ ሲስ ከመሆን ውጭ አማራጭ የለውም።

ከአንድ በላይ ዓይነት ቁራጭ ሲወጣ ደግሞ ሥራው በአንድ በኩል ይከብዳል፣ በሌላ በኩል ይቀላል። የሻርክ ጉበት ዘይት ውስጥ ያለውን ስኳሊን ውሰጂ፣ C30H50። ሙሉ በሙሉ ሲቆረጥ ከአንድ ሞል 2 ሞል አሴቶን፣ 4 ሞል 4-ኦክሶፔንታናል፣ 1 ሞል ደግሞ ቡቴንዳያል ይሰጣል። ቡቴንዳያል በሁለቱም ጫፍ አልዲሃይድ ያለው ባለ 4 ካርቦን ነገር ነው፤ አ~አ ድንጋይ። አሴቶን አንድ ጫፍ ብቻ ያለው ኪ ነው፤ ሰንሰለት የሚያስቆመው እሱ ነው። ካርቦኑን ደምሪ፦ 6፣ 20፣ 4፤ 30 ሞላ፣ የጎደለ የለም። ጫፎቹን ቁጠሪ፦ ኪ 6፣ አ 6፣ በድምሩ 12። ስድስት ድርብ ቦንድ ማለት ነው። የC30H50 ያለመሞላት ደረጃም 6 ስለሆነ ቀለበት የለም። ሰንሰለት ነው፣ ሁለቱ ጫፎቹም አሴቶኖቹ ናቸው።

ድርብ ቦንዶቹ ሁሉ ኪ-አ ናቸው ብለን እንነሳ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሃይድሮጅን ብቻ መያዛቸውን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። ከግራው አሴቶን ጀምሪ። እሱ ኪ ነው፣ ስለዚህ ቀጣዩ ድንጋይ በአ ጎኑ ይገባና አ~ኪ ሆኖ ይቆማል። የሚቀጥለውም እንዲሁ። ከቀኙ አሴቶን ብትጀምሪም ድንጋዮቹ ወደ መሐል በተቃራኒው ይደረደራሉ። ሁለቱ ሰልፎች ሲገናኙ ሁለቱም ኪ ይዘው ይመጣሉ፤ ኪ ከኪ ጋር እንዳይጋጠም መሐላቸው አ~አ ድንጋይ ያስፈልጋል። ቡቴንዳያሉ ይህ ነው። አንድ ሞል ብቻ መውጣቱ ሰንሰለቱ አቅጣጫ የቀየረበት ቦታ አንድ ብቻ መሆኑን ይነግርሻል።

ቦታው የት ጋ እንደሆነ ግን አይነግርሽም። በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት ድንጋይ ሊሆን ይችላል። አንድና ሦስት፣ ወይም ዜሮና አራትም ሊሆን ይችላል። የሦስቱም ኦዞኖሊሲስ አንድ ነው። እውነተኛው ስኳሊን ሁለትና ሁለት ነው፤ መሐሉ ላይ በትክክል የተመጣጠነ። ይህ የተረጋገጠው በስዊዘርላንድ ኬሚስቱ ፓውል ካረር በ1931 ሁለት እኩል ባለ 15 ካርቦን ቁራጮችን ጫፍ ለጫፍ አያይዞ ስኳሊንን ሲሠራ ነው። ሁለቱ ግማሾች አንድ ዓይነት ስለነበሩ ውጤቱ የግድ የተመጣጠነ ነው። ኤንኤምአር ባለበት ዘመን ደግሞ መስመር መቁጠር ይበቃል፤ የተመጣጠነው 30 ካርቦን ይዞ 15 መስመር ብቻ ነው የሚያሳየው።

ይህን ይዘሽ ጎማውን መልሰሽ እዪው። ጎማው ውስጥ ክፍሎቹ አንዳንዴ ቢገለባበጡ ኖሮ ቡቴንዳያልና በሁለቱም ጫፍ ኪቶን ያለው 2,5-ሄክሳንዳዮን አብረው በብዛት ይወጡ ነበር። ሌቩሊናልዲሃይድ ዋናው ሆኖ መውጣቱ ክፍሎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እንደተሰለፉ ያሳያል። ሃሪስ የሰንሰለቱን ርዝመት ሳተ፤ ሰልፉን ግን አልሳተም።

አሁን ወርክሺቱ ላይ «ብቻ» የምትለዋ ቃል አለች። ላብራቶሪ ውስጥ እሷን በቀላሉ አላምናትም። 2-ሜቲል-1,5-ሄክሳዳይኢን የሚባል ተራ ሰንሰለት አለ፣ C7H12። ሲቆረጥ አንድ 4-ኦክሶፔንታናልና ሁለት ፎርማልዲሃይድ ይሰጣል። ፎርማልዲሃይድ በተለመደው ሙቀት ጋዝ ነው፤ በውኃ ስታጥቢ ወይም ሶልቨንቱን ስታተኚ ይሄዳል። ጠርሙስሽ ውስጥ የሚቀረው 4-ኦክሶፔንታናል «ብቻ» ነው! አሴቶንም እንዲሁ ከሶልቨንቱ ጋር አብሮ ሹልክ ይላል። ስለዚህ ወደ ኋላ ከመሄድሽ በፊት የቁራጮቹን ካርቦን ደምረሽ ከሃይድሮካርቦኑ ፎርሙላ ጋር አስተያዪ። አንድ ካርቦን ከጎደለ ፎርማልዲሃይድ፣ ሦስት ከጎደለ አሴቶን ብለሽ ጠርጥሪ። ፎርሙላ ከሌለሽ ይህንን ማድረግ አትችዪም፤ ተመልሰን እዚያው።

አሠራሩም ውጤቱን ይቀይረዋል። ብዙውን ጊዜ ሃይድሮካርቦኑ በዳይክሎሮሜቴንና በሜታኖል ቅልቅል ይሟሟና በደረቅ በረዶና አሴቶን ወደ −78 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል። ከዚያ ኦዞን ይነፋበታል። ድርብ ቦንዱ ሲያልቅ የተረፈው ኦዞን ፈሳሹን ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ያኔ ይቆማል። ሰማያዊው እስኪጠፋ ናይትሮጅን ይነፋል፣ ከዚያ ዳይሜቲል ሰልፋይድ በተትረፈረፈ መጠን ይጨመርና ቀስ ብሎ ሲሞቅ ያድራል። ሽታው የሚያስጠላ ስለሆነ ጭስ መሳቢያው ሥር ብቻ። ሶልቨንቱን ከማትነንሽ በፊት የስታርችና አዮዳይድ ወረቀት ንከሪበት፤ ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተቀየረ ፐርኦክሳይድ አለ ማለት ነው። ሰልፋይድ ጨምረሽ ጠብቂ እንጂ እንዳታተኝው። የተከማቸ ኦዞናይድ ይፈነዳል፤ ይህን እንደ ቀላል ማስጠንቀቂያ አትለፊው።

በሰልፋይድ ፋንታ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቢገባ አልዲሃይዱ አሲድ ይሆናል፤ የምታገኚው ሌቩሊኒክ አሲድ ነው። ወደ ኋላ ስትሄጂ የአሲዱን OH እንደ H አንብቢው፣ የቀረው ሁሉ ያው ነው። ሃሪስ ኦዞናይዱን በውኃ ሲሰብር ሁለቱንም ያገኘው ለዚህ ነው፤ ውኃው ራሱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለቅና የአልዲሃይዱን ከፊል ወደ አሲድ ይቀይረዋል። ሁለት የተለያዩ ውጤቶች አይተሽ ሁለት የተለያዩ ድንጋዮች አድርገሽ እንዳትቆጥሪያቸው። አልዲሃይዱ አየር ላይ ሲቆይም ወደ አሲዱ ይሄዳል፤ ስለዚህ ያደረ ናሙና ላይ አሲድ ማየት የሚያስደነግጥ አይደለም።

ፈተና ላይ ይህ ጥያቄ ያለ ፎርሙላ ከመጣ እንዲህ ጻፊ፦ «ሃይድሮካርቦኑ C5H8 ከሆነ 1-ሜቲልሳይክሎቡቲን፤ C10H16 ከሆነ 1,5- ወይም 1,2-ዳይሜቲል-1,5-ሳይክሎኦክታዳይኢን፤ ፖሊመር ከሆነ 1,4-ፖሊአይሶፕሪን፣ ማለትም እንደ ጎማ ያለ ሰንሰለት»። አራሚው አንድ መልስ ብቻ ጠብቆ ከነበረ የሚጠብቀው የአንቺን ነው፤ ትንሹ ስለሆነ። ነጥብ ከቀነሰብሽ 0.68 ግራሙን ስሌት ይዘሽ ሂጂ።